የአልጋ 9 ታካሚ አስቸኳይ ርክክብ

ከ፦ የማታ ፈረቃ ነርስ፣ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ዋርድ
ለ፦ የቀዶ ሕክምና ተረኛ ሐኪም፤ ግልባጭ ለሌሊት ፈረቃ ነርስ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡35

ሁኔታ

ዶክተር፣ የምደውለው ስለ አልጋ 9 ታካሚ ነው። የ62 ዓመት አባት ናቸው፤ አንጀታቸው ተቆርጦ ከተሰፋ ዛሬ 5ኛ ቀናቸው ነው። ካለፈው አንድ ሰዓት ወዲህ በፍጥነት እየደከሙ ነው። ከምሽቱ 1፡15 ላይ ስለካቸው የደም ግፊታቸው 98/56፣ የልብ ምታቸው 126፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 28፣ ሙቀታቸው 38.7፣ የኦክስጅን መጠናቸው ያለ ኦክስጅን 91 በመቶ ነበር። ንግግራቸው ተዛብቷል። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥባቸው 14 ደርሷል። ድሬኑ ሽታ ያለው ቡናማ ፈሳሽ እያወጣ ነው።

የተሰፋው አንጀት ለቅቆ ሆድ ውስጥ እየፈሰሰ፣ ኢንፌክሽኑም ወደ ሴፕሲስ እየሄደ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩአቸው እጠይቃለሁ።

ዳራ

ታካሚው አርሶ አደር ናቸው። አርብ ኅዳር 5 ሌሊት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰገራና አየር ተዘግቶባቸው በድንገተኛ ክፍል በኩል ገቡ። የታችኛው ትልቁ አንጀት ተጠማዝዞ ተገኘ። በቱቦ ለማስተንፈስ ተሞክሮ ስላልተሳካ ቅዳሜ ንጋት ላይ ሆዳቸው ተከፍቶ የተጠማዘዘው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ሁለቱ ጫፎች በዚያው ተሰፍተው ተገናኙ። በቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ላይ አንጀቱ ያልሞተ መሆኑ ተጽፏል። በሆዳቸው ግራ በኩል አንድ ድሬን አለ።

የቆየ የደም ግፊት አለባቸው፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳሉ፣ የዛሬውን ጠዋት ወስደዋል። የስኳር በሽታ የለባቸውም። የመድኃኒት አለርጂ እንደሌላቸው ልጃቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ክብደታቸው 56 ኪሎ ነው። የደም ዓይነታቸው ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ የተዘጋጀ ደም ግን እስካሁን የለም።

ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ሴፍትሪአክሶን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር እየወሰዱ ነው፤ ያመለጠ መጠን የለም። ሄፓሪን 5,000 ዩኒት ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ ያገኛሉ፤ የመጨረሻው ዛሬ ጠዋት 2፡00 ላይ ተሰጥቷል፣ ቀጣዩ ማታ 2፡00 ላይ ነው። ትራማዶል 50 ሚሊ ግራም ከቀኑ 8፡30 ላይ ወስደዋል።

እስከ ትናንት ማታ መልካም እየሄዱ ነበር። በ3ኛው ቀን አየር አውጥተዋል፣ በ4ኛው ቀን በትንሽ በትንሹ ውኃና አጥሚት ጀምረዋል፣ በልጃቸው ተደግፈው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተራምደዋል። በ3ኛው ቀን የነጭ የደም ሴላቸው ቁጥር 9,400፣ ክሬአቲኒን 0.9 ነበር።

ግምገማ

የዛሬው ልኬት በቅደም ተከተል፦

ከንጋቱ 12፡00፦ ግፊት 138/82፣ ልብ ምት 88፣ ትንፋሽ 18፣ ሙቀት 37.2፣ ኦክስጅን 95፤ ነጥብ 1
ከቀኑ 8፡00፦ ግፊት 124/74፣ ልብ ምት 104፣ ትንፋሽ 22፣ ሙቀት 37.9፣ ኦክስጅን 94፤ ነጥብ 4
ከምሽቱ 12፡00፦ ግፊት 114/68፣ ልብ ምት 110፣ ትንፋሽ 22፣ ሙቀት 38.2፣ ኦክስጅን 94፤ ነጥብ 5
ከምሽቱ 1፡15፦ ግፊት 98/56፣ ልብ ምት 126፣ ትንፋሽ 28፣ ሙቀት 38.7፣ ኦክስጅን 91፣ አዲስ የንግግር መዛባት፤ ነጥብ 14

የ12 ሰዓቱን ልኬት በ12፡10 በኦፕሬሽን ክፍል ነርስ በኩል አሳውቄዎት ደም እንዲወሰድና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና እንዲለኩ አዝዘው ነበር። ፓራሲታሞል 1 ግራም በ12፡20 ሰጥቻለሁ፤ ሙቀቱን አላወረደውም።

የደም ግፊቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። 98 ለሌላ ሰው ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። እኚህ ታካሚ ግን ከገቡ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከ130 በታች ወርደው የማያውቁ፣ የቆየ ግፊት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ ዛሬ ብቻ 40 ወርደዋል። የጠዋቱ አምሎዲፒንም ሊያግዘው ይችላል፤ ነገር ግን ልብ ምቱን፣ ሙቀቱንና ሽንቱን አያብራራም።

የአየር መተላለፊያ፦ ክፍት ነው፣ ይናገራሉ።

ትንፋሽ፦ ፈጣንና አጭር ነው፤ ሆዳቸው ስለሚያማቸው በጥልቀት አይስቡም። ሳንባቸው በሁለቱም በኩል አየር ያስገባል፤ ከሥር ትንሽ ቀንሷል እንጂ የተለየ ድምፅ አልሰማሁም። በፊት ጭምብል 6 ሊትር ኦክስጅን ከተደረገላቸው በኋላ 95 ደርሰዋል።

የደም ዝውውር፦ እጅና እግራቸው ቀዝቅዟል። ጥፍራቸውን ተጭኜ ስለቅ ቀለሙ የሚመለሰው በ4 ሰከንድ ነው። ከቀኑ 7፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00 ድረስ በካቴተር የወጣው ሽንት 110 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ለክብደታቸው ቢያንስ 168 መሆን ነበረበት። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ድርሻ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀለሙም ጠቁሯል። ካቴተሩ እንዳልተዘጋ አጥቤ አረጋግጫለሁ።

ንቃተ ኅሊና፦ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ይመልሳሉ፤ ነገር ግን ያሉበትን ቦታ አያውቁም። ልጃቸው ናት መጀመሪያ የነገረችኝ። «በሬዎቹን ወደ አውድማው አውጧቸው፣ ጊዜው መሸ» እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ ብላ በ1፡10 ጠራችኝ። ትናንት የአልጋ 8ን ታካሚ ስም ጠርተው ሰላም የሚሉ ሰው ነበሩ። የደም ስኳራቸው 148 ነው። ከትራማዶሉ ወደ 5 ሰዓት አልፏል፣ ትንፋሻቸውም ፈጣን እንጂ ዝግ ያለ አይደለም፤ ስለዚህ መዛባቱ ከመድኃኒቱ ነው ብዬ አላምንም።

ሆድ፦ ዋናው ጭንቀቴ እዚህ ነው። ከጠዋቱ ይልቅ ተነፍቷል፣ ጠንክሯል። ከግራ በታች በኩል በጣት ብቻ ብነካቸው ፊታቸውን አኮማትረው እጄን ያዙኝ። የአንጀት ድምፅ አልሰማሁም። ከቀኑ 11፡30 ላይ ወደ 200 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ትውከት አስታውከዋል። ድሬኑ ትናንት ሙሉ ቀን 40 ሚሊ ሊትር ጥርት ያለ ፈሳሽ ነበር ያወጣው፤ ዛሬ ከቀኑ 10፡00 ወዲህ 150 ሚሊ ሊትር ቡናማ፣ ደፍራሳና የሰገራ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወጥቷል። ከረጢቱን አልደፋሁትም፤ እንዲያዩት አልጋው ሥር ተሰቅሎ ይገኛል። የቁስሉ ፋሻ ደረቅ ነው።

ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉት። ከገቡ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት እንኳ የሕመም መጠናቸውን ከ2 በላይ ተናግረው አያውቁም። በዚህ ቃል መዘናጋት አይገባም።

የባት ጡንቻቸው አላበጠም፣ አያማቸውም። የደረት ሕመም የለም።

ላቦራቶሪ (ደሙ የተወሰደው 12፡30፣ ውጤቱ የመጣው 1፡10)፦ ነጭ የደም ሴል 19,800፣ ሄሞግሎቢን 10.8፣ ክሬአቲኒን 1.8። በሁለት ቀን ውስጥ ክሬአቲኒን በእጥፍ ጨምሯል።

እስካሁን ያደረግሁት፦ ግማሽ ተቀማጭ አድርጌያቸዋለሁ። በአፍ የሚወሰድ ሁሉ ቆሟል። ሁለተኛ የደም ሥር መስመር ባለ 18 ቁጥር በቀኝ ክንዳቸው ገብቷል። በዋርዱ የድንገተኛ መመሪያ መሠረት ሪንገር ላክቴት ጀምሬ 500 ሚሊ ሊትር አልቋል፤ ከዚያ በኋላ በ1፡33 ግፊታቸው 102/58፣ ልብ ምታቸው 122 ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሊትር እየገባ ነው። ሲያስፈልግ እንዲሰጥ የታዘዘውን ዳይክሎፌናክ አልሰጠሁም፣ ለኩላሊታቸው ስለፈራሁ።

ምክረ ሐሳብ

1. አሁኑኑ፣ ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መጥተው ይዩአቸው። ኦፕሬሽን ላይ ከሆኑና መውጣት ካልቻሉ ሌላ ሐኪም ይላኩልኝ፤ የበላይ ቀዶ ሐኪሙም ከቤት እንዲጠሩ እጠይቃለሁ።
2. አንቲባዮቲክ ይቀየር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ይሰጥ። ፋርማሲውን ጠይቄያለሁ፣ ሜሮፔኔም አለ። የደም ካልቸር ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ፤ ትእዛዝዎን እንዳገኘሁ ከመድኃኒቱ በፊት እወስዳለሁ፣ መድኃኒቱን ግን አያዘገይም።
3. ፈሳሹ በ3 ሰዓት ውስጥ እስከ 1.7 ሊትር ድረስ፣ ማለትም በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ሒሳብ፣ እንዲቀጥል ይፍቀዱልኝ።
4. የአፍንጫ ቱቦ ላስገባ?
5. የማታ 2፡00 ሄፓሪን ይቁም ወይስ ይሰጥ? ወደ ኦፕሬሽን የሚመለሱ ከሆነ አሁን መወሰን አለበት።
6. ዳይክሎፌናክና የነገው አምሎዲፒን ከመድኃኒት ሰሌዳው ይሰረዙ። ለሕመማቸው ምን ልስጥ?
7. ሁለት ዩኒት ደም እንዲዘጋጅ ናሙና ልላክ? ልጃቸውና ሁለት የወንድም ልጆቻቸው ደም ለመስጠት ግቢ ውስጥ አሉ።
8. ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ይነገር። እኔ ጠይቄ አንድ አልጋ እንዳለ ነግረውኛል፤ የሚይዙት ግን በሐኪም ጥያቄ ነው።

የስልክ ትእዛዝና ድጋሚ ንባብ፣ ከምሽቱ 1፡42

ከላይ ያለውን በስልክ ለተረኛው ሐኪም አነበብኩ። የተሰጡኝን ትእዛዞች መልሼ አንብቤላቸው «ትክክል ነው» ብለዋል፦ የደም ካልቸር ወዲያው ይወሰድ፤ ሜሮፔኔም 1 ግራም በደም ሥር አሁኑኑ፤ ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል ይቁሙ፤ ፈሳሽ እስከ 1.7 ሊትር ይቀጥል፤ የአፍንጫ ቱቦ ይግባ፤ የ2፡00 ሄፓሪን ይቁም፤ ዳይክሎፌናክና አምሎዲፒን ይቁሙ፤ ሁለት ዩኒት ደም ይዘጋጅ። የሕመም ማስታገሻውን አይተዋቸው ይወስናሉ። እርሳቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይመጣሉ፤ የበላይ ቀዶ ሐኪሙንና ጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ራሳቸው ይደውላሉ። የስልክ ትእዛዙን ሲመጡ በካርዱ ላይ ይፈርማሉ።

ለሌሊት ፈረቃ ነርስ፣ ከምሽቱ 1፡58

ሲስተር፣ ሐኪሙ በ1፡51 ደርሰው አሁን አልጋው ዘንድ ናቸው። ካልቸሩ በ1፡46 ተወስዷል፣ ሜሮፔኔም በ1፡50 ተጀምሯል። የደም ናሙናው ወደ ደም ባንክ ሄዷል። የአፍንጫ ቱቦው ገብቶ 300 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ፈሳሽ ወጥቷል። ጠቅላላ የገባው ፈሳሽ 1 ሊትር ነው፤ የቀረሽ 700 ሚሊ ሊትር ነው። የ1፡55 ልኬት፦ ግፊት 104/60፣ ልብ ምት 120፣ ትንፋሽ 26፣ ኦክስጅን በ6 ሊትር 95።

በየ15 ደቂቃው ለኪ፤ ሽንቱን በየሰዓቱ ጻፊ። የላይኛው ግፊት ከ90 ከወረደ፣ ኦክስጅኑ ከ92 በታች ከሆነ፣ ሲጠሯቸው ካልነቁ ወይም በሰዓት ከ28 ሚሊ ሊትር በታች ከሸኑ የሚቀጥለውን ልኬት ሳትጠብቂ ጥሪ። ፈሳሹ እየገባ ትንፋሻቸው ከተባባሰ ወይም ሳንባቸው ላይ አዲስ ድምፅ ከሰማሽ ፈሳሹን አቁመሽ ለሐኪሙ ንገሪ።

የስምምነት ፎርሙ አልተፈረመም። አባትየው አሁን ለመፈረም በሚያስችል ንቃት ላይ ስላልሆኑ ሐኪሙ ልጃቸውን ያነጋግራሉ። ልጅቱ ከሰዓት በኋላ እህል አልቀመሰችም፣ ፈርታለችም፤ ማብራሪያው ሲሰጣት አብረሻት ቁሚ። ለወንድሟ ለመደወል ስልኳ ባትሪ ጨርሶባት ስለነበር በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነው።

ሐኪሙ ውሳኔያቸውን እስኪናገሩ ድረስ እኔ ከአልጋ 9 አልሄድም። የሌሎቹን 17 ታካሚዎች ርክክብ ረዳት ነርሷ ታነብልሻለች፤ ከእነርሱ ውስጥ ዛሬ ማታ ቶሎ መታየት ያለበት አልጋ 3 ነው፣ የ2፡00 ኢንሱሊኑ አልተሰጠም።