ጉዳዩ፦ የስታቲስቲክስ መግቢያ የሚድተርም ውጤቴ በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ መምህሬ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ሐሙስ የተመለሰልንን የፈተና ወረቀት ጥያቄ በጥያቄ ከተመለከትኩ በኋላ፣ ከ30 የተሰጠኝ 18 ነጥብ በሁለት ምክንያቶች ትክክለኛ ውጤቴን አያሳይም ብዬ ስላመንኩ ይህን ማመልከቻ ጽፌልዎታለሁ።

የመጀመሪያው የድምር ጉዳይ ነው። በአራቱ ጥያቄዎች አጠገብ በቀይ የተጻፉት ነጥቦች 6፣ 5፣ 7 እና 2 ሲሆኑ ድምራቸው 20 ይሆናል። አራተኛውን ጥያቄ የሠራሁት በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ስለሆነ፣ የእሱ 2 ነጥብ ሲደመር ሳይታይ ያለፈ ይመስለኛል።

ሁለተኛውና ዋናው ይኸው ከ8 ውስጥ 2 ነጥብ ብቻ የተሰጠኝ አራተኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የ25 ተማሪዎች ናሙና አማካይ 74፣ የናሙናው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ 10 መሆኑን ገልጾ፣ የሁሉም ተማሪዎች አማካይ ከ70 ይለያል ወይ የሚለውን በ5 በመቶ ደረጃ እንድንፈትሽ ይጠይቃል። እኔ የሠራሁት እንደሚከተለው ነው፦

```
t = (74 − 70) / (10 / √25) = 2
df = 25 − 1 = 24
t(0.025, 24) = 2.064
```

2 ከ2.064 ስለሚያንስ ነል ሃይፖቴሲሱን ለመጣል በቂ ማስረጃ የለም ብዬ ደምድሜያለሁ። በመልሴ ላይ የኤክስ ምልክት ተደርጎ በጎኑ 1.96 ተጽፏል። ይህ ቁጥር ግን የኖርማል ስርጭት ወሰን ሲሆን፣ የሚያገለግለው የፖፑሌሽኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲታወቅ ወይም ናሙናው ትልቅ ሲሆን ነው፤ እዚህ ጥያቄ ላይ የተሰጠን 10 ከናሙናው ራሱ የተሰላ ነው፣ ናሙናውም 25 ብቻ ነው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቢመስልም፣ ያገኘሁት 2 በትክክል በመካከላቸው ስለሚወድቅ ድምዳሜውን ሙሉ በሙሉ የሚቀይረው የምንጠቀምበት ሰንጠረዥ ነው። ከፈተናው ጋር የቲ ሰንጠረዥ ተያይዞ መሰጠቱም የጥያቄው ዓላማ ይኸው እንደነበር የሚያመለክት ይመስለኛል።

ስለዚህ የድምሩ ስህተት እንዲታረምልኝ፣ አራተኛው ጥያቄም ከመልስ ቁልፉ ጋር በድጋሚ እንዲመሳከርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። 1.96 ትክክል ነው የሚሉ ከሆነ፣ ከጥያቄው ውስጥ የትኛው መረጃ ወደዚያ እንደሚያመራ በጽሑፍ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው የድጎማ ነጥብ ሳይሆን የሠራሁት ሥራ በተሰጠው መረጃ መሠረት እንዲመዘን ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስለተቀነሰብኝ ነጥብ ምንም ቅሬታ የለኝም።

የሽፋኑንና የአራተኛውን ጥያቄ ገጽ ፎቶ ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዣለሁ፤ ዋናውን ወረቀትም ረቡዕ ከሰዓት በቢሮ ሰዓትዎ ይዤ ልቀርብ እችላለሁ። ውጤቱ ለሬጅስትራር ከመተላለፉ በፊት ምላሽዎን እጠብቃለሁ። ከተነጋገርን በኋላም ሳንግባባ ከቀረን፣ ጥያቄዬን ለእርስዎ በግልባጭ አሳውቄ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ለማቅረብ እንደምገደድ ከወዲሁ በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የማክሰኞ ጠዋት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ