የቻናል ዲዛይን አሳይመንት፦ ላርጎው በቀጥታ ይሸጥ ወይስ በጅምላ ነጋዴ?

ግሩፓችን የመረጠው አምራች ኮልፌ ሼድ ይዞ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያው ላርጎ፣ የሚያመርት ትንሽ ድርጅት ነው። ባለቤቱን ጨምሮ 7 ሰው ይሰራበታል፣ በወር እስከ 1,200 ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማምረት ይችላል፣ የራሱ መኪና የለውም። አሁን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚወስደው መርካቶ ያለ አንድ ጅምላ ነጋዴ ነው፣ የሰፈር ሰው ደሞ ሼዱ በር ላይ እየመጣ ጥቂት ጥቂት ይገዛል። ባለቤቱ "ነጋዴው ቁጭ ብሎ በኔ ላብ ያተርፋል፣ ለምን ራሴ ለሱቆቹ አላደርስም?" ነው የሚለው፣ እኛም የተነሳነው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ቀጥታ ስርጭት ማለት አምራቹ መሀል ላይ ማንም ሳይገባ ለተጠቃሚው ሲሸጥ ነው፣ ሼዱ በር ላይ የሚሸጠው፣ ለሆቴል ለክሊኒክ ራሱ የሚያደርሰው ማለት ነው። ሌላው ቀጥታ ያልሆነው ነው፣ የኛ ላርጎ አሁን የሚሄድበት መንገድ አምራች፣ ጅምላ ነጋዴ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ከዛ እናትየው ኪችን ይደርሳል። ባለቤቱ ያሰበው ደሞ የመሀሉን ነው፣ ጅምላውን ዘሎ ለሱቅ ማድረስ፣ ይሄ ሱቁ ስላለበት አሁንም ሙሉ በሙሉ ቀጥታ አይባልም ግን መንገዱ በአንድ ሰው ያጥራል።

እሺ ነጋዴው "ቁጭ ብሎ" ምን እየሰራ ነው? ጠጋ ብለን ስናይ ብዙ ነገር ይሰራል። ከሼዱ በራሱ መኪና ይጭናል፣ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ባንዴ 100 እና 150 ጀሪካን ወስዶ ለባለ ሱቁ 2 እና 3 አድርጎ ይበትንለታል፣ ባለ ሱቁም ላርጎውን ከዱቄት ሳሙናው ከሶፍቱ ከክብሪቱ ጋር በአንድ ጉዞ ይጭናል። ዋናው ግን ዱቤ ነው። ሱቆቹን ለዓመታት ስለሚያውቃቸው ማን ቅዳሜ እንደሚከፍል ማን እንደሚጠፋ ያውቃል፣ ገንዘቡ ቢቀርም የሚቀረው እሱ ላይ ነው። ነጋዴውን ማስወጣት ይቻላል፣ ይሄ ሁሉ ስራ ግን አብሮት አይወጣም፣ ባለቤቱ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላው የግንኙነት ብዛት ነው። 6 አምራቾች እያንዳንዳቸው ለ80 ሱቅ ራሳቸው ላድርስ ቢሉ 480 ግንኙነት ነው፣ 480 ትእዛዝ 480 ሂሳብ መቀበል። መሀል ላይ አንድ ጅምላ ሲኖር 6 ሲደመር 80፣ 86 ብቻ ነው። መካከለኛ ያለው ገበያ ለምን እንደሚረክስ ክላስ ላይ የተማርነው እዚህ ጋር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ (ሁሉም ዋጋ ከቫት በፊት ነው)። አንድ ጀሪካን ሼድ ላይ በ260 ብር ያልቃል። ጅምላው በ300 ይረከባል፣ ለሱቅ በ325 ይሰጣል፣ ሱቁ በ370 ይሸጣል። ስለዚህ አምራቹ በጅምላ ሲሸጥ 40 ብር ያገኛል፣ ባለቤቱ የሚቆጨው በመሀል ያለችው 25 ብር ናት። ለሱቅ ራሱ ቢያደርስስ? ፒካፕ ከነሹፌሩ በቀን 3,500 ብር ነው፣ በአዲስ አበባ ትራፊክ በቀን ከ25 ሱቅ በላይ አይደረስም፣ ሱቁ 3 ቢወስድ 75 ጀሪካን ነው፣ በጀሪካን ወደ 47 ብር ትራንስፖርት ማለት ነው። 325 ሲቀነስ 260 ሲቀነስ 47፣ የሚቀረው 18 ብር። 25 ብር ለማዳን 47 ብር ማውጣት! የዱቤው ኪሳራ ገና አልገባም።

ሆቴልና ካፌ ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም አንዱ ደንበኛ በወር በአማካይ 20 ጀሪካን ይጨርሳል። በአንድ ቀን 8 ደንበኛ፣ 160 ጀሪካን ይደርሳል፣ ትራንስፖርቱ ወደ 22 ብር ይወርዳል፣ መሸጫው 345 ስለሆነ 63 ብር ይቀራል። ጥሩ ይመስላል ግን የሽያጭ ሰራተኛ በወር 12,000 ብር ሲቀጠር ነገሩ ይለወጣል። ባለቤቱ አነጋግሯቸው ፍላጎት ያሳዩት 24 ናቸው፣ 480 ጀሪካን፣ ደሞዙ ሲካፈል በጀሪካን 25 ብር ይወስዳል፣ የሚቀረው 38 ነው፣ ከጅምላው 40 ያነሰ! ከጅምላው ጋር እኩል የሚሆነው ደንበኛው 26 ሲደርስ ነው፣ 32 ሲሆን 44 ብር ይሆናል። ከዛ ደሞ ሆቴል በ30 ቀን ነው የሚከፍለው፣ 24 ደንበኛ ማለት ሁሌ 165,600 ብር ሰው እጅ ላይ ነው፣ በዛ ብር ኬሚካልና ባዶ ጀሪካን መግዛት ነበረበት። ጅምላው ግን ግማሹን ሲጭን ቀሪውን በ10 ቀን ይሰጣል።

ለዚህ ነው ሁለቱንም መንገድ ይያዝ ያልነው፣ ግን ለየደንበኛው ለይቶ። የሰፈር ሱቅ በጅምላው ይቀጥል። ሆቴል ካፌ ክሊኒኩን ከ8 ደንበኛ፣ በአንድ መስመር ጦር ሀይሎች ልደታ ሜክሲኮ ላይ ይጀምር፣ ሰራተኛ ሳይቀጥር ራሱ ባለቤቱ ይዙር፣ የታሰረው ብር 55,200 ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው መስመር በጊዜው እየከፈለ ከሆነ ሁለተኛውን ይጨምር፣ ሰራተኛ የሚቀጠረው 26 ሲሞላ ነው። ራሱ መዞሩ ሌላም ጥቅም አለው፣ "አረፋው ቀነሰ፣ ሽታው በዛ" የሚለውን ከተጠቃሚው አፍ ይሰማል፣ በጅምላ በኩል ይሄ ወሬ አይደርሰውም።

ትልቅ ድርጅት እንኳን መካከለኛ አልተወም። ኮካ ኮላ በ1999 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የሞከረው አሰራር መኪና የማይገባበት ሰፈር ላይ ትንንሽ አከፋፋዮችን አቋቁሞ በጋሪ ለሱቆች ማድረስ ነበር፣ በኋላ ወደ ሌሎች የምስራቅ አፍሪካ ሀገሮችም ሄዷል። ሱቁ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስለሚገዛ ቅርብ ያለ ሰው ያስፈልገዋል፣ የኛ ሱቆችም እንደዛው ናቸው።

የሚያሰጋን ግጭት ነው። ሼዱ በር ላይ በ325 ከተሸጠ አጠገቡ ያሉት ሱቆች ነገ ላርጎውን ከመደርደሪያ ያወርዱታል፣ ስለዚህ የበሩ ዋጋ እንደ ሱቁ 370 ይሁን። ለጅምላው ደሞ ሆቴሎቹን ከመጀመራችን በፊት በግልፅ ይነገረው፣ በወሬ ከሰማ ሌላ አምራች ይፈልጋል። አንድ ነጋዴ ላይ ብቻ መንጠልጠሉም አደጋ ስለሆነ ሁለተኛ ጅምላ፣ ከመርካቶ ርቆ ሳሪስ አካባቢ ቢጨመር ጥሩ ነው ብለናል፣ አንዱ የአንዱን ሱቅ እንዳይነካ በአካባቢ ተለይቶ። ከሁለቱም ጋር የሚፈረመው ውል ላይ መግባት ያለበት ነገር፣ የወሩ ትንሹ ብዛት፣ የ10 ቀኑ ክፍያ፣ ያፈሰሰ ጀሪካን ማን እንደሚችል፣ እና ዋጋ ሲጨምር ከ15 ቀን በፊት ማሳወቅ ነው።