የላስታ ነጭ ማር፣ 1 ኪሎ፦ የተስተካከለው የምርት መግለጫ

ወንድሜ፣ ደሴ ሱቅ የሚለጠፈው ይሄ ነው፣ አሮጌውን አንሳው።

«ከላስታ አናቢዎች ኅዳር ላይ የተቆረጠ ማር። የዕቃው ክብደት ሳይቆጠር 1 ኪሎ። በጨርቅ ተጣርቷል፣ ስኳርም ሽሮፕም አልጨመርንበትም። እርጥበቱ በሪፍራክቶሜትር ተለክቶ 17.8 በመቶ ነው፣ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚፈቅደው እስከ 20 ነው፣ የልኬቱ ወረቀት ሱቃችን ስላለ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሲቆይ ይረጋል፣ ያ መበላሸት አይደለም፣ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት ይለቃል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ህፃን አይሰጥም።»

«የስኳር በሽታን ያድናል» የሚለውን ጨርሶ አጥፍቼዋለሁ፣ ማር እኮ ራሱ አብዛኛው ስኳር ነው፣ አንዷ እናት አምናን መድኃኒቷን ብትተውስ? ይሄ የሰው ህይወት ነው። «በዓለም አንደኛ»ም ወጥቷል፣ ማን አወዳድሮት? «100 ፐርሰንት ንፁህ» ያልነውን ደሞ ምን እንዳልጨመርን በመጻፍ ቀይሬዋለሁ፣ እሱን የተጠራጠረ ላብራቶሪ ወስዶ ማስመርመር ይችላል። «ኦርጋኒክ» የሚለው ሰርተፊኬቱ እጃችን እስኪገባ አይጻፍ፣ ባነሩ ላይም ሸፍነው።