የአገሩ ወግ ነው

ከመንዝ ሌሊት 9 ሰዓት የተነሳው አይሱዙ ምንጃር አስፋልቱ ዳር ሲቆም ረፋዱ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር። 42 ሰርገኛ ወረደ፤ ሙሽራው ሽመልስ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ አምስት ሚዜዎች፣ ከበሮ ያዘለች ልጅ፣ የጥሎሽ ሻንጣ የተሸከመ ጎረምሳ፣ ጋሽ ተሰማ፣ የቀረው አጃቢ።

ጋሽ ተሰማ የሙሽራው አጎት ናቸው። በዚያ ሙቀት ጥቁር ባናቸውን እንደተከናነቡ ሰዉን ሰብስበው አስጠነቀቁ።

«ስሙኝ! አገር ሲለወጥ ወጉም ይለወጣል። ያላያችሁት ነገር ቢገጥማችሁ እንዳትስቁ፣ እንዳትጠይቁ። የአገሩ ወግ ነው ብላችሁ ዝም!»

ከመሀላቸው የሙሽራዋን ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ሽምግልናው ያለቀው አዲስ አበባ፣ በአክስቷ ቤት ነው። አባቷ አቶ ታደሰ በስልክ የሰጧቸው ምልክት «ነጭ ድንኳን ታያላችሁ፣ ወንዙን ስትሻ…» ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ጠፋ። ጋሽ ተሰማ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት፤ «ወንዙን ሳትሻገሩ» ነው አሉ።

ወንዙን ሳይሻገሩ በእርግጥም ነጭ ድንኳን ነበር። የቤቱም ጌታ አቶ ታደሰ ይባላሉ። የድንኳኑ ጎን ላይ የዕድሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ዕድሩ ሁለት ድንኳን ነው ያለው፣ በዚያን ቀን ሁለቱም ወጥተዋል። አንደኛው ማዶ ለሰርግ፣ ይሄኛው ለአቶ ታደሰ እናት የ40 ቀን ተዝካር።

ሰርገኛው ከበሮውን እየደለቀ፣ እያጨበጨበ ደረሰ። በር ላይ የሚከለክል ልጃገረድ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«አጎቴ፣ በር እንኳን የሚዘጋብን ሰው የለም?» አለ ሽመልስ።

«የአገሩ ወግ ነው። ግባ!»

አቶ ታደሰ ከወንድማቸው ጋር ተያዩ። «እነዚህ ጥቁር ለባሾች እነማን ናቸው?»

«እናታችን መንዝ ዘመድ አላት ትል አልነበር? ባናውን አታየውም?»

«ይዘፍናሉ እኮ!»

«ሙሿቸው እንደዚህ ይሆናላ። የአገራቸው ወግ ነው።»

አቶ ታደሰ አንጀታቸው ተላወሰ። ከዚያ ሁሉ አገር ለእናታቸው ተዝካር! ሄደው ጋሽ ተሰማን አቀፏቸው። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ።»

«አሜን! ትዳር ጽናት ይፈልጋል» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ቄሶቹ ዕጣን እያጠኑ ፍትሐት ጀመሩ። ከሚዜዎቹ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነበርና «ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ የሙታን ጸሎት ነው» ብሎ ሹክ አላቸው። ጋሽ ተሰማ በክርናቸው ጎሰሙት። የተክሊሉ ዜማ እንደየአገሩ ነው አሉት።

ምግቡ ቀረበ። ቀይ ወጡ ደህና የበሰለ፣ ጠላው የጠራ ነበር፤ እዚህ ላይ ማንም ቅሬታ አላነሳም። ችግሩ የመጣው ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሻንጣው ይከፈት ሲሉ ነው። በወጉ መሠረት ጥሎሽ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል። ሁለት የሐበሻ ቀሚስ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ጋቢ፣ 37 ቁጥር ነጭ ባለተረከዝ ጫማ። ቀለበቱን የያዘው የመጀመሪያው ሚዜ ነው፤ እሱ ለብቻው በኋላ ይወጣል።

አቶ ታደሰ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ይሄን ሁሉ ለእሷ ብላችሁ?»

«ለእሷ ያልሆነ ለማን ይሆናል?»

አቶ ታደሰ ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ። «እናንተ ነዳያን፣ ኑ! ለነፍሷ ነው!»

ጃንጥላውን የቆሎ ተማሪ ወሰደው። ጋቢው ለአንድ ዓይነ ስውር ደረሰ። ቀሚሶቹ ለሁለት ባልቴቶች ተከፈሉ። ነጩ ጫማ ውስጥ ግን እማሆይ ወለተ ማርያም እግራቸውን ከተቱ፣ ልክክ አለ። እማሆይ በሁለት እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው ሦስት እርምጃ ሞከሩ፣ ተረከዙ መሬት ውስጥ እየሰመጠ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና መረቁ።

«አጎቴ፣ ጫማው ሄደ እኮ!» አለ ሽመልስ። ላቡ በክራቫቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀምሯል።

«የአገሩ ወግ ነው። ድሃ የመረቀው ትዳር ይሰምራል።»

በዚሁ ሰዓት ከወንዙ በታች 20 የሚሆኑ እውነተኛ የተዝካር ሰዎች መጡ፤ የሟች የወንድም ልጆች ናቸው። ከድንኳኑ ከበሮ ሰሙ። «ይሄማ ሰርግ ቤት ነው» ብለው ወንዙን ተሻገሩ። ማዶ ሌላ ነጭ ድንኳን አለ፣ ጸጥ ያለ፤ ሙሽራው ስለዘገየ ሰው ሁሉ ጉንጩን ይዞ ተቀምጧል። ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

«ወየው! ሳንደርስላት ሄደች!»

የሙሽራዋ እናት ልጃቸው ከጓሮ እየተኳለች መሆኑን እያወቁ ልባቸው ተሸበረ። ልጅ ስትዳር እናት ታለቅሳለች፤ ገና ያላለቀሱት እንባ ነበራቸውና አብረው ለቀቁት። እናቲቱ ሲያለቅሱ ሴቶቹ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ጎረቤቱ ተከተለ።

ወዲህ ማዶ ጋሽ ተሰማ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ መንገዳችን ሩቅ ነው። እሷን መቼ ነው የምታስወጧት?»

«ማንን?»

«እሷን ነዋ!»

«እሷማ ከወጣች 40 ቀኗ!»

ጋሽ ተሰማ ባናቸው ከትከሻቸው ወረደ። «ከማን ጋር?»

«ብቻዋን ነዋ! ማን አብሮ ይሄዳል?»

«የት ነው ያለችው?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከአባታችን ጎን።»

ሽመልስ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሚዜዎቹ በየተራ ወደ ጋሽ ተሰማ ዞሩ። አሁንም አፋቸው ሊከፈት ሲል ሽመልስ «ወግ እንዳትሉኝ!» ብሎ ጮኸ።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ አቶ ታደሰ ራሳቸው ዕቃውን አስመለሱ። ቀሚሶቹ ታጥፈው፣ ጃንጥላውና ጋቢው በይቅርታ መጡ። እማሆይ ግን ጫማውን ሲጠየቁ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ለነፍስ የተሰጠ አይመለስም። ለልጅቷ ከሆነ ራሴ ወስጄ እሰጣታለሁ። ቤቷን እኔ አውቀዋለሁ፣ ተከተሉኝ!»

በነጭ ተረከዝ ጫማ እማሆይ ከፊት፣ ሰርገኛው ከኋላ ሆኖ ወንዙን ተሻገረ። ወንዙ ላይ እማሆይ ጫማውን አውልቀው በመቋሚያቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሲወጡ መልሰው አደረጉት። ድንኳኑ ታየ። ሽመልስ እፎይ ሊል ሲል ዋይታው ተሰማ።

«ደግሞ ሌላ ተዝካር!» አለ ባለ ከበሮዋ።

«የለም፣ የለም!» አሉ ጋሽ ተሰማ። «እናት ልጇን ስትድር ታለቅሳለች። ይሄኛው እውነት የአገሩ ወግ ነው!»

የሰማቸው የለም። 42ቱ ሰርገኛ ባንድ ጊዜ ዞሮ ወደ አይሱዙው መሮጥ ጀመረ። ግርግሩን የሰማችው ሙሽራ ቬሏን ጨብጣ በባዶ እግሯ ከጓሮ ወጥታ እየሮጠች ደረሰች፣ የሽመልስን ኮት ጭራ ያዘች።

«ወዴት ነው? ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅህ!»

ሽመልስ የሚለው ጠፋው። ሙሽራዋ ግን ዓይኗ ከእሱ ትከሻ አልፎ እማሆይ እግር ላይ አረፈ። ያን ጫማ መርካቶ ሦስት ሱቅ አዙራ የመረጠችው ራሷ ናት።

«ጫማዬ እማሆይ እግር ላይ ምን ይሠራል?»

42ቱም ባንድ ድምፅ መለሱ፤

«የአገራችሁ ወግ ነው!»