ቁልፉ በእጅዎ፣ ዘበኛው በደጅዎ

ከቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ፤ ስለ አዲሱ የስልክ ባንክ አፕ ለደንበኞቻችን

ቁልፉ በእጅዎ፣ ዘበኛው በደጅዎ።

አራት ቃል ናት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቅርንጫፋችን በር ላይ ያገኟታል። ታክሲ ውስጥም፣ አፑን ሲከፍቱ ገና መጀመሪያ ላይም።

ዘበኛ ሲባል ጠመንጃ የያዘ ሰው በዓይንዎ እንዳይመጣ። የኮንዶሚኒየሙን ዘበኛ ያስቡ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከታክሲ ወርደው ሲገቡ «እንደምን አመሹ» ይልዎታል። የማያውቀው ሰው ሲመጣ ግን ከወንበሩ ይነሳል። «ማንን ፈልገው ነው?» ይላል። እርስዎ እሱን ፈርተው አያውቁም። እንዲያውም በረንዳው ላይ ካጡት ቅር ይልዎታል። አፓችንን ስንሠራ ያሰብነው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው።

ቁልፉ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ሌላው በልብዎ የያዙት ፒን ነው። አንዱ ብቻውን በር አይከፍትም። ስልክዎን ልጅዎ ወስዶ ጌም ቢጫወትበት፣ ፒኑን እስካላወቀ ድረስ ጌሙን ተጫውቶ ይመልስልዎታል። ፒንዎን ያወቀ ሰውም ቢኖር፣ በሌላ ስልክ አፑ አይከፈትለትም። ስልክ ሲቀይሩ አንዴ ቅርንጫፍ ብቅ ይላሉ፤ በፋይዳ መታወቂያዎ አይተን አዲሱን ስልክ እናስገባለን። ትንሽ ታደክማለች፣ እናውቃለን። ግን እርስዎን የምታደክመውን ያህል ሌላውን ጨርሶ አታስገባም።

ፒኑ አራት አሃዝ ነው። ከ0000 እስከ 9999 ሲቆጠር 10,000 ቁጥር ይሆናል። ለመሞከር የሚሰጠው ዕድል ግን ሦስት ብቻ ነው፤ ከዚያ አፑ ይዘጋል። የሚዘጋው አፑ እንጂ ሂሳብዎ አይደለም። ራስዎ ተሳስተው ከዘጉትም አይደንግጡ። በወር ስንቴ እንደምንከፍት ብንነግርዎ ይስቃሉ። አንድ ነገር ብቻ እንለምንዎ፦ የትውልድ ዓመትዎን ፒን አያድርጉት። እሱን እድሩ ሁሉ ያውቀዋል።

አፑን ለሙከራ ስንሰጥ አንዲት እናት መስኮታችን ጋ መጥተው ነበር። እንጀራ ጋግረው ያስረክባሉ። ለጤፍ ነጋዴያቸው 2,500 ብር ሊልኩ ነው። መነጽራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ፤ የሂሳብ ቁጥሩን ከደብተር ላይ እያዩ አንድ በአንድ ነኩ። አፑ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ሙሉ ስም በትልቁ አወጣና «እኚህ ናቸው?» አላቸው። እማማ ስሙን አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «ኧረ ይሄ የእኔ ሰውዬ አይደለም!» አሉ። ለካ 6ቱን 8 ብለውት ነው። «አይደሉም» የሚለውን ነክተው ቁጥሩን አስተካከሉ። ትክክለኛው ስም ሲመጣ ፒናቸውን አስገቡ፤ ስክሪኑ ላይ ከአራት ነጠብጣብ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ብሩ ሄደ። ስልኩን እያጠፉ «ይሄስ ከእኔ የበለጠ ይጠነቀቃል» አሉ። መፈክሩን ያገኘነው ያን ቀን ነው ብንል ውሸት አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን ግን ሌላ ነው። «ስልኬ ቢጠፋስ?» ይላል። ገንዘብዎ ስልኩ ውስጥ አይደለም። ስልኩ መስኮት ነው፤ ገንዘቡ ያለው ባንክ ነው። ስልክዎ ከጠፋ በጎረቤት ስልክ ይደውሉልን ወይም ይምጡ፣ መስኮቱን ከዚህ እንዘጋዋለን። አዲስ ስልክ ሲገዙ ሂሳብዎ እንደተዉት ይቆይዎታል።

«ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥስ?» ይህም በእኛ ሰፈር ተገቢ ጥያቄ ነው። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ የሚደክምበት ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ደግመው አይላኩ። ኔትወርኩ ሲመለስ «የሂሳብ እንቅስቃሴ» የሚለውን ይክፈቱ። ብሩ ሄዶ ከሆነ እዚያ ተጽፎ ያገኙታል። ካልተጻፈ አልሄደም።

ትንሽ በትንሽ መልመድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የቀን ጣሪያ ያበጃል። 1,000 ብር ይበሉት፣ 500ም ይበሉት። ከዚያ በላይ በአንድ ቀን አይወጣም። ሲለምዱት ከፍ ያደርጉታል። ሳይለምዱት ቢቀሩም ግድ የለም፤ የመስኮት አገልግሎታችንን አልዘጋንም። የቁጠባ ደብተርዎን የሚወዱ ከሆነ ደብተርዎም የትም አይሄድም።

አሁን ደግሞ ስለ ይሉኝታ ትንሽ እናውራ። ሰው ደውሎ በትህትና ሲጠይቀን «አልነግርም» ማለት ይከብደናል። አስተዳደጋችን ነው። ስለዚህ ከአሁኑ እንስማማ፦ ፒንዎን፣ ወይም በአጭር መልእክት የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር፣ እኛ ደውለን አንጠይቅም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቢሆንም አይጠይቅም። ፒንዎን እኛም አናየውም፤ ማየትም አንፈልግም። «ከባንክ ነው» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢደውል መቆጣት አያስፈልግም፣ መሸበርም አያስፈልግም። «እሺ ልጄ፣ ቅርንጫፍ ሄጄ እነግራለሁ» ይበሉና ስልኩን ይዝጉ። ነውር የለበትም። ዘበኛም እኮ «ማንን ፈልገው ነው?» ሲል ሰው መሳደቡ አይደለም።

አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ ጠንከር ያለ ጥያቄ አምጥተው ነበር። «አፑስ ይሁን፣ ባንኩ ራሱ ቢቸገርስ?» አሉ። ጥያቄውን ወደድነው። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋም አለ። ባንክ መክፈል ቢያቅተው ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ይህ የአፑ ሥራ አይደለም፤ ለማንኛውም ደንበኛ ነው። ጋሼ ግን ያን ዕለት ሰምተው ነው አፑን ያስጫኑት።

መፈክራችንን በየቦታው አጠር ባሉ ቃላት ያዩታል። እንግዳ እንዳይሆኑብዎ እነሆ፦

ታክሲ ውስጥ፦ «ለረዳቱ በስልክ ይክፈሉ። ስሙን አይተው፣ ፒንዎን ነክተው። ቁልፉ በእጅዎ፣ ዘበኛው በደጅዎ።»

ሱቅ በር ላይ፦ «ዝርዝር የለም? ችግር የለም። ቁልፉ በእጅዎ፣ ዘበኛው በደጅዎ።»

አፑን ሲከፍቱ፦ «እንኳን ደህና መጡ። ዘበኛው ነቅቷል።»

ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ፦ «ለጊዜው ዘግተነዋል። ገንዘብዎ በቦታው ነው። ይደውሉልን ወይም ብቅ ይበሉ።»

የመጨረሻዋን ስንጽፍ ተከራክረንባታል። አንዱ ባልደረባችን በቀይ ትሁን፣ የቃለ አጋኖ ምልክትም ይግባባት ብሎ ነበር። ቀዩም ቀረ፣ ምልክቱም ቀረ። ሰው ቁጥር ስለረሳ አይጮኽበትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቅርንጫፉ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተን እንቀመጣለን። አፑን እንጭናለን፣ 10 ብር ከእኛ ጋር ልከው ይለማመዳሉ። ስልክዎንና የፋይዳ መታወቂያዎን ይያዙ። ፒኑን ሲያወጡ እኛ ወደ ዋናው መንገድ ዞረን እንቆማለን። መነጽርዎን ደግሞ ቤት እንዳይረሱት።