ጉዳዩ፦ ፎቶ የተነሳንበትን ቦታ ስለመጠየቅ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአርባ ምንጭ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
አርባ ምንጭ

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፎቶ ልኬላችኋለሁ። የምጠይቃችሁ ይህን ፎቶ የተነሳነው የት ቆመን እንደሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከእህቴና ከባለቤቷ ጋር ከአዲስ አበባ መጥተን ከተማችሁ ሦስት ቀን ቆይተናል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዶርዜ ወጣን፤ ቆጮውን በዳጣና በማር በላን። ከሰዓት በኋላ ወርደን ሴቻ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቡና ጠጣን። ቀኑን ሙሉ «እስቲ እዚህ ጋ፣ አንዴ ብቻ» እያልን ፎቶ ስንነሳ ነው የዋልነው። በማግስቱ አዞ ለማየት ጫሞ ላይ በጀልባ ስንሄድ ስልኬ ከእጄ አምልጦ ሐይቅ ገባ። ባለጀልባው «አይዞሽ፣ አዞው ካገኘው ይደውልልሻል» ብሎ አሳቀኝ እንጂ ሁሉም ፎቶ አብሮ ሰመጠ። የተረፈው ማታውን ለእናቴ በቴሌግራም የላክሁት ይህ አንድ ብቻ ነው። የት እንደተነሳ የሚናገር ምንም ነገር አብሮት የለም። አሳትሜ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የት ነው?» ሲባል እኔና እህቴ እንጣላለን።

እስቲ አብረን እንየው። ከጀርባችን በግራ በኩል ያለው አባያ ነው፤ ደለሉ አቅልቶት ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። በቀኝ ያለው ጫሞ ነው፤ ከእህቴ ትከሻ በላይ እንደ ነጠላ ጥለት ሰፋ ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የእግዜር ድልድይ ደግሞ በእኔና በእሷ መካከል ባለችው ክፍተት ልክ ገብቷል፤ አስበን ያደረግነው እንዳይመስላችሁ። ከኋላችን ወገባችን የማይደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ ላዩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። በግራ ጠርዝ የግራር ቅርንጫፍ፣ ከካቡ ወዲያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የቆርቆሮ ጣራ ጫፍ ይታያል። ፀሐይ ፊታችንን ስለመታን ሦስታችንም ዓይናችንን አጨንቁረናል፤ እንግዲህ ፊታችን ወደ ምዕራብ ከነበረ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው።

ጠቡ ያለው ከእግራችን ፊት በወደቀችው ጥላ ላይ ነው። ያነሳን ልጅ ጥላ ነው፤ አናቱ ላይ ሾጠጥ ያለ ኮፍያ አለ። እህቴ «የዶርዜ ኮፍያ ነው፤ ስለዚህ የጨንቻው መንገድ ላይ፣ ልጆቹ የሚጨፍሩበት ኩርባ ጋ ነው» ትላለች። ባለቤቷም «የነዳሁት እኔ ነኝ፤ የት እንዳቆምኩ አውቃለሁ» ይላል። (ይኸው ሰው ሲመለስ ሶዶ ላይ መንገድ ስቷል።) እኔ ግን ያ ኮፍያ ከተማውም ውስጥ ይሸጣል ባይ ነኝ፤ ራሴም ሲቀላ ገዝቻለሁ። በዚያ ላይ ከዳገቱ ስንወርድ ፊት ለፊት የነበረው አባያ እንጂ ጫሞ እንደዚህ ሰፍቶ አልታየንም። ስለዚህ ሴቻ አፋፉ ላይ ነው እላለሁ። ካቡን ያየ ሰው ግን ከእኔም ከእነሱም የተሻለ ያውቃል ብዬ ነው እናንተን ያስቸገርኳችሁ።

ነገሩ ለክርክር ብቻ አይደለም። ለገና እናታችንን ይዘን ልንመጣ ነው። 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ፎቶውን ካየች ወዲህ «እናንተ የቆማችሁበት ቆሜ ድልድዩን ካላየሁ» ብላለች፤ ሌላ ቦታ ወስደን «ይኸው» ብንላት ካቡን ፈልጋ ታጋልጠናለች። ስለዚህ ቦታውን ካወቃችሁት፣ መኪና እስከ ካቡ ድረስ ይደርስ እንደሆነ፣ ካልደረሰም ምን ያህል እንደሚያስኬድ ብትጽፉልኝ። የሆቴል ወይም የሎጅ ግቢ ከሆነ እዚያ ያላደረ ሰው ቡና ጠጥቶ ማየት ይችል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከሁለቱም ግምታችን ውጪ የሆነ ቦታ ከሆነም አልቀየምም።

ፎቶውን መመለስ አያስፈልጋችሁም፤ ሌላ ቅጂ አለኝ። ከአስጎብኚዎቻችሁ አንዱ ወይም አሽከርካሪ የሆነ ሰው ሊያውቀው ይችላልና ብታሳዩልኝ ደስ ይለኛል። ከኮፍያው ጥላ ልጁን የሚለይ ሰው ከተገኘ ደግሞ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ቀጥ አድርጎ ነው ያነሳን። ስልክ ቁጥሬን ከፎቶው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሴቻ ከሆነ እባካችሁ ለእኔ ደውሉ፤ ለእህቴ ራሴ ልንገራት።

ከአክብሮት ጋር
ትዕግሥት አበራ
አዲስ አበባ

አባሪ፦ 1 ፎቶ