371 ላይ ቆመ

እንዴት ዋላችሁ። ሻይ ያልደረሰው ካለ ይቅዳ፤ እኔ አልቸኩልም።

አዘጋጆቹ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ተናገር ነው ያሉኝ። ስላይድ አላመጣሁም። አንድ ታሪክ አለኝ፣ እሱን ልንገራችሁ። መሀል ላይ አንዳንዴ አቆማለሁ። ሳቆም እጅ ማውጣት የለም። መልሳችሁን በሆዳችሁ ያዙት። ጮክ ብለን ስንመልስ ሁላችንም ጻድቅ ነን፤ እኔ የምፈልገው ጮክ ተብሎ የማይነገረውን ነው።

2001 ዓ.ም ነው። ገርጂ አካባቢ ጂ ፕላስ ስድስት እየተሠራ ነበር። እኔ የአማካሪው ድርጅት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት፣ ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር። የኮንትራክተሩ ፎርማን በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ እንበላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፌሮ በዓይን አይተው የጎደለውን ይነግሩሃል። ቫይብሬተር ሲበዛ ጠጠሩ እንደሚዘቅጥ፣ ሲያንስ ደግሞ ኮለኑ እንደ ማር ቀፎ እንደሚቦረቦር ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራቸውን ከፈል አድርገው «ብላ ልጄ፣ በባዶ ሆድ ቁጥጥር የለም» ይሉኛል።

አንድ ሐሙስ ቀን የሦስተኛ ፎቅ ኮለኖች ሙሌት ነበር። አሥራ አራት ኮለን፣ ሲ-25፤ በሃያ ስምንት ቀን 25 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ የሚጠበቅበት አርማታ ማለት ነው። ጠዋት ሚክሰሩ ተበላሸና ሥራው ረፈደ። ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘጠኙ አልቀው አምስት ቀሩ።

እኔ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበረኝ። መሥሪያ ቤቴ የማያውቀው የግል ሥራ፤ የአንድ ሰው የመኖሪያ ቤት ፕላን። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር። ዛሬ ብትስቁ አልፈርድባችሁም፣ ያኔ ግን የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነበር።

የሙሌት ቁጥጥር ቅጹን ሙሉውን ሞላሁት። የአሥራ አራቱንም ኮለን። «ሙሌቱ ሲካሄድ በቦታው ተገኝቼ ተቆጣጥሬያለሁ» የሚለው ሥር ፈረምኩ። ያለቀበት ሰዓት የሚለውን ክፍት ተውኩት። ጋሼ ቅጹን ተቀበሉኝና «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። ሄድኩ።

እዚህ ጋ ላቁም።

(ዝምታ)

ይሄ ቀላሉ ነው፣ አውቃለሁ። «መፈረም አልነበረብህም» ብላችኋል። እሺ። በዚህ ወር ብቻ ያላያችሁት ነገር ላይ ስንቴ ፈርማችኋል? የሲሚንቶ መረከቢያም ይሁን፣ የስብሰባ መገኛም ይሁን። እዛው ያዙት።

እንቀጥል። ኩብ ታውቃላችሁ፤ የሌላ ክፍል ልጆችም ስላላችሁ ግን ላስረዳ። አርማታ በሚሞላበት ቀን ከዛው ድብልቅ ላይ ቀንሰን አሥራ አምስት በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር በሆነ ሻጋታ እንሞላለን። በሦስት ንጣፍ፣ እያንዳንዱን በዘንግ እየጠቀጠቅን። በማግስቱ ሻጋታው ይፈታና ውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ግማሹን በሰባት ቀን፣ ግማሹን በሃያ ስምንት ቀን ላብራቶሪ ወስደን እንሰብረዋለን። ኮለኑን ራሱን መስበር ስለማንችል ኩቡ ስለ ኮለኑ ይመሰክራል።

የሰባት ቀኑ ውጤት 11 ሜጋ ፓስካል መጣ። 16 ገደማ መሆን ነበረበት። ያኔ መጮህ ነበረብኝ። «በሃያ ስምንት ቀን ያድጋል» ብዬ ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ኩቦቹን እኔው ነኝ ላብራቶሪ ይዤ የሄድኩት። አንዱ ኩብ ስምንት ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ፊቱ ላይ ቀኑ በምስማር ተጭሯል። ባለሙያው ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ቁጥሩ ይወጣል፤ 200፣ 300፣ 350። 562 ኪሎ ኒውተን ማለፍ አለበት፣ 25 ሜጋ ፓስካሉን የሚያሟላው እሱ ነው። 371 ላይ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አይደለም፤ ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚሰማው ያለ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው 383። ሦስተኛው 360። ከ16 እስከ 17 ሜጋ ፓስካል ነው ይሄ። ባለሙያው ፍርስራሹን በመጥረጊያ እየሰበሰበ «ሌላ የለህም?» አለኝ።

ሳይት ስመለስ የአራተኛ ፎቅ ሶሌታ ተሞልቶ ከላይ ፌሮ እየታሰረ ነው። ያ ሁሉ ክብደት እነዛ ኮለኖች ላይ አርፏል።

ለጋሼ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። እጄን ይዘው ወደ ገንዳው ወሰዱኝ። ከታች፣ ከሌሎቹ ተለይተው ሦስት ኩቦች ተቀምጠዋል። የዛኑ ሐሙስ ቀን ተጽፎባቸዋል። ሲሚንቶ ጠገብ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ «ለቢሮ የሚሄዱ»። ይሄ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። እንዳለ እሰማ ነበር። እናንተም ትሰማላችሁ።

«ጥፋቱ የኩቡ ነው እንጂ የኮለኑ አይደለም» አሉኝ። «የቀን ሠራተኛ ነው የሞላው፣ መሽቶ ነበር፣ በደንብ አልጠቀጠቀውም። ለማይረባ ኩብ ብለህ ሥራ ታስቆማለህ? የስንቱን ሰው እንጀራ?»

ይሄ ውሸት አይደለም። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ኩብ ጥሩ አርማታን ያሳጣል፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ደህና ሰው በመጥፎ ምስክር ሲፈረድበት ማለት ነው።

ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «አንተም የዛን ቀን ቸኩለህ ነበር» አሉኝ።

ማስፈራራት አልነበረም። እስከ ዛሬ እምልላችኋለሁ፣ እያዘኑልኝ ነበር።

(ዝምታ። አንድ ደቂቃ ሙሉ።)

አያችሁ፣ ጥያቄው ተቀየረ። ቅድም ስለ ኮንክሪት ነበር። አሁን ስለ እኔ ሆነ። ውጤቱን ካሳወቅሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሞላ ማን ነበር?» ነው። ቅጹ ደግሞ እኔ ነበርኩ ይላል።

ሦስት ቀን አልተኛሁም። ለማን ይነገራል? እናቴ ጋ ሄጄ ቡና ጠጣሁ፣ ሳልነግራት ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ 371፣ 383፣ 360 የሚለውን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ብቻ። ስለ ፊርማዬ አልተናገርኩም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በኒውዮርክ ያኔ ሲቲኮርፕ ይባል የነበረ ሃምሳ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ አለ። የስትራክቸር መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠር ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ኃይለኛ ነፋስ በማዕዘን በኩል ቢመታው መጋጠሚያዎቹ እንደማይችሉት አወቀ። በብየዳ ይያያዛሉ ተብሎ የታሰቡት መጋጠሚያዎች በቡሎን ነበር የታሰሩት። ሄዶ ተናገረ፤ ሌሊት ሌሊት ብረት እየተበየደ ተጠገነ። በየሥልጠናው እንደ ጀግና ይነሳል፣ ይገባዋልም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሌላው ግማሽ ነው። እዛ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራው፣ አጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ጉዳዩን በይፋ የሰማው በ1995 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት። እውነትን ግማሹን ተናግሮ ጀግና መሆን ይቻላል ማለት ነው። ደስ የማይል ነገር ነው፤ ግን ይቻላል።

ወደ ገርጂ። ሥራ ቆመ። ከኮለኖቹ ላይ ኮር ተወሰደ፤ ሲሊንደር እየቆፈሩ ያወጣሉ፣ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ጠዋት ከተሞሉት ሁለት ናሙና ተወሰደ፣ 24 እና 26። ደህና ናቸው። ከእኔ መሄድ በኋላ ከተሞሉት አምስቱ ግን ሦስቱ ከ16 አልዘለሉም። በኋላ ሲጣራ፣ ሲመሽ ልጆቹ ደክሟቸው ድብልቁ ከባልዲው ቶሎ እንዲወርድላቸው ውኃ ጨምረውበታል። እኔ ብኖር አስቆማለሁ። አስቆም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሦስቱ ኮለኖች ዙሪያቸው ተፈልፍሎ፣ ተጨማሪ ፌሮ ታስሮላቸው በአዲስ አርማታ ተሸፈኑ፤ ጃኬት እንለዋለን። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ስብሰባ ተጠራ። የባለቤቱ ተወካይ፣ ኮንትራክተሩ፣ አለቃዬ፣ እኔ፣ ጋሼ። የእኔ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነው። ተወካዩ አነሳና «ውኃ ሲጨመር መሐንዲሱ የት ነበር?» አለ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ኢንጂነሩ ነበር። አትጨምሩ ብሎ ተቆጥቷል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

(ዝምታ። እንደፈለጋችሁ ያህል።)

አትቸኩሉ። ስጨርስ ምን እንዳልኩ እነግራችኋለሁ፣ አሁን ግን እናንተ ወንበሩ ላይ ናችሁ። ሁሉም ያያችኋል። አንድ ሽማግሌ ሰው ለእናንተ ሲሉ ዋሽተዋል። «አይ፣ አልነበርኩም» ካላችሁ እሳቸው ደግሞ ውሸታም ይሆናሉ፣ እናንተም ትባረራላችሁ። ዝም ካላችሁ እሳቸው ብቻ።

እኔ ዝም አልኩ።

ጋሼ በሳምንቱ ተሰናበቱ። እኔን አለቃዬ «ጎበዝ፣ ደፍረህ ውጤቱን አመጣህ» ብለው አመሰገኑኝ። በቀጣዩ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ሲሰጠኝ ደብዳቤው ላይ ይኸው ተጠቅሷል።

አፈላልጌ ያገኘኋቸው ከአራት ዓመት በኋላ ጎሮ አካባቢ ነው፣ አንድ ትንሽ ሳይት ላይ። ይቅርታዬን በመኪና እየሄድኩ ስለማመድ ነበር። ሲያዩኝ አቀፉኝ። ገና አፌን ስከፍት «ኮለኖቹ እንዴት ሆኑ?» አሉኝ። ስንጥቅ አለባቸው ወይ፣ ጃኬቱ ከነባሩ ጋ ያዘ ወይ፣ እሱን ነው የጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ይቅርታዬን ስጀምር ደግሞ የጀበና ቡና አዘዙ። ቡናው እስኪመጣ ዝም አልን። ከዛ «አለቃህ አሁን ያውቃል?» አሉኝ።

አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጸዱት፣ መልሰው አደረጉት። ስለ እኔ ምንም አላሉም። «እኚህን ሰውዬ በስልክ ማግኘት ይቻላል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቁጥሩን ሰጠኋቸው። ምን እንደተነጋገሩ እስከ ዛሬ ሁለቱም አልነገሩኝም።

ይሄ የቅጹ ኮፒ ነው። ከዚህ ጀምሩና እየተቀባበላችሁ እዩት። ፊርማዬ ያምራል፣ ያኔ ጊዜ ወስጄ ነበር የምፈርመው። ያለቀበት ሰዓት የሚለው ሳጥን ግን አሁንም ባዶ ነው። ኋላ ጥግ ያላችሁም እስኪደርሳችሁ እጠብቃለሁ።